ሻጋታ የያዘው ጠርሙስ እና ንጹህ የሚመስለው ጠርሙስ

«ሰላም ጋሼ። ደሴ፣ ሆጤ ነው የምኖረው። ነሐሴ ላይ የጥብስ ቅጠልና በሶብላ ቤት ውስጥ አድርቄ በሱፍ ዘይት ዘፈዘፍኩ። በሶብላው ላይ ነጭ ሽንኩርት ቆራርጬ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ አስነክቼ ጨመርኩበት። ጠርሙሶቹ መደርደሪያ ላይ ሦስት ሳምንት ቆዩ። አሁን የጥብስ ቅጠሉ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጣ። የበሶብላው ግን ንጹህ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። አንዱን ጠርሙስ ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ። ሻጋታውን ገፍፌ ዘይቱን ባፈላው ይሆናል? ካልሆነስ ለፀጉር ልጠቀምበት? ወደፊትስ እንዴት ልሥራው?»

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ጎረቤትሽ ቤት ሂጂ። ቀሪውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ። የሰጠሻትን ጠርሙስ ከቤቷ አውጪው፤ በልታበት እንደሆነም ጠይቂያት። በልታችሁ ምንም ካልተሰማችሁ አብሽሪ። እንዲህ ያለ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያደርስ ያልፋል። ግን ባለፈው ሳምንት ምንም አላደረገንም ብላችሁ ዛሬ ደግማችሁ እንዳትበሉት። መርዝ ካለ የሚፈጠረው ጠርሙሱ እየቆየ ሲሄድ ነው።

የምፈራው ቦቱሊዝም የሚባል የምግብ መመረዝ ነው። የምትከታተሏቸው ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ አንደበት ይተሳሰራል። ከዚያ ድካሙ ከፊት ጀምሮ ወደ አንገት፣ ወደ ክንድ፣ ወደ እግር ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ቀናት ቆይቶ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ትኩሳት እምብዛም የለውም፣ ሰውየውም ነፍሱን ያውቃል፤ ስለዚህ ሰው «ደክሞኝ ነው» ብሎ ይተኛል። ከነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሳትተኙ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያም «ዘይት ውስጥ የቆየ ነጭ ሽንኩርት በልቻለሁ» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ብዙ መንገድ ታሳጥርለታለች። በሽታው ብርቅ ስለሆነ ካልተነገረው ቶሎ ላይመጣለት ይችላል። የዚህ በሽታ ማርከሻ መድኃኒት መርዙ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ያቆማል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ ወዲያው አይመልስም። ለዚያ ነው ሰዓቱ ዋጋ ያለው።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ። ሁሉንም ጣያቸው። ሻጋታ የያዘውንም፣ ንጹህ የሚመስለውንም። እኔ በምግብ ጥራት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ እንደምፈራ ብትጠይቂኝ ግን ንጹህ የሚመስለውን ነው። ይህን በደንብ ላስረዳሽ፤ ይህ ከገባሽ ሌላው ሁሉ ይገባሻል።

ሻጋታ ለመኖር ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ እርጥበትና አየር። የጥብስ ቅጠልሽ ላይ ሻጋታው የት እንደወጣ አስታውሺ። ከዘይቱ በላይ ብቅ ያለው የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ፣ ወይም ክዳኑ ሥር ይመስለኛል። እዚያ አየር አለ። ዘይቱ ውስጥ የሰጠመው ክፍል ላይ አይወጣም፤ አየር የለውማ። ስለዚህ ሻጋታው የነገረሽ አንድ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲገባ አልደረቀም ነበር።

የበሶብላው ጠርሙስ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰጥሟል። ስለዚህ ሻጋታ አልያዘም። ደርቆ ስለነበር ግን አይደለም፤ አየር ስላጣ ነው። አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበት፣ በቤት ሙቀት የሚደሰት ሌላ ባክቴሪያ አለ። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ይባላል፤ ያልኩሽን ቦቱሊዝም የሚያመጣው እሱ ነው። መኖሪያው አፈር ነው። ነጭ ሽንኩርት አፈር ውስጥ ያድጋል፤ ቅጠላ ቅጠሉም ከገበያ ሲመጣ አቧራ ይዞ ነው። ይህ ባክቴሪያ ኑሮ ሲከፋበት ስፖር ይሆናል፤ ማለትም በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ እንደ ዘር ይተኛል። ስፖሩን ብትውጪው ጤነኛ ትልቅ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አያደርግም። ጉዳቱ የሚመጣው ስፖሩ ምቹ ቦታ አግኝቶ ሲነቃ ነው። ሲያድግ መርዙን ይሠራል። ዘይት አየሩን ይዘጋለታል፤ በደንብ ያልደረቀ ሽንኩርት ውሃውን ይሰጠዋል፤ ኮምጣጣ ነገር የለም። ሦስት ሳምንት ደግሞ በቂ ጊዜ ነው። ሽታው ላይቀየር ይችላል፤ መልኩም ላይቀየር ይችላል። «ቀመስ አድርጌ ልየው» የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። በፈረንጆቹ 1985 ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ከአንድ ምግብ ቤት የበሉ 36 ሰዎች በዚህ በሽታ ተያዙ። ምክንያቱ ዘይት ውስጥ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነበር፤ ማሰሮው ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ሲገባው ውጭ ቆይቷል።

ማፍላቱን በተመለከተ፣ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እናቶቻችን የተጠረጠረ ነገር ሁሉ በእሳት ነው የሚያጠሩት። እዚህ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። መርዙ ራሱ በሙቀት ይበላሻል፤ 85 ዲግሪ ላይ ለ5 ደቂቃ ከቆየ ይጠፋል። ስፖሩ ግን አይጠፋም። ስፖሩን ለመግደል በግፊት የሚሠራ፣ 121 ዲግሪ የሚደርስ እርጥብ እንፋሎት ያስፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስፖሩን አይነካውም። ዘይቱን ከዚያ በላይ ባሞቂውም ዘይት ውስጥ ያለ ስፖር ደረቅ ነው፤ ደረቅ ስፖር ሙቀትን ከእርጥቡ የበለጠ ይቋቋማል። በፕሬዠር ድስት ብታስገቢውም ያው ነው፤ እንፋሎቱ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዘይት ውስጥ አይገባም። ሦስተኛው የሻጋታው መርዝ ነው። አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው መርዝ መፍላትን ችሎ ያልፋል። ስለዚህ የተበላሸውን በማፍላት ማዳን አይቻልም። ለጤናሽ ሲባል ደግሞ አንድ ጠርሙስ ዘይት ቢጣል ብዙ አይደለም።

ለፀጉርም አይሁን። ጤነኛ ቆዳ ይህን መርዝ አያስገባም። ግን ጭንቅላት ላይ ቁስል ይኖራል፣ እጅ ዓይንና አፍ ይነካል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ለፀጉር» ተብሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠን የበሶብላ ዘይት አንድ ቀን አንድ ሰው ለእራት ያወጣዋል። አወጋገዱ ቀላል ነው። ጠርሙሱን ሳትከፍቺ በሁለት ፌስታል አስረሽ ቆሻሻ ውስጥ ክተቺው። ውሻና ድመት እንዳያገኙት። የተንጠባጠበ ካለ በረኪና በቀላቀልሽበት ውሃ ጥረጊው፤ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

አሁን ስለ አሠራሩ። ነገሩ ሁሉ ውሃ ላይ ነው የሚያርፈው። ይህን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቅቤ አንጥረሽ ታውቂ የለ? ቅቤው እሳት ላይ ሲወጣ ይንጫጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ይፈነጣጠቃል። ያ ድምፅ ውሃው ሲወጣ ነው። ኮሰረቱም፣ ሽንኩርቱም፣ ዝንጅብሉም እዚያ ውስጥ ውሃቸውን ይተፋሉ። ከዚያ ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ ይላል፤ ቅቤው ጠርቶ ሥሩ ይታያል። ያኔ እናትሽ «ደረሰ» ትላለች። ካወረደችው በኋላም አጥልላ ቅመሙን ታወጣዋለች። ንጥር ቅቤ የሚቆየው በነዚህ በሁለቱ ነው፤ ውሃው ወጥቷል፣ ቅጠሉም አልቀረበትም። አንቺ የዘፈዘፍሽው ዘይት ላይ ሁለቱም አልተደረጉም። ቅጠሉ ውሃውን ይዞ ገባ፤ ገብቶም እዚያው ተቀመጠ።

የባለሙያው መለኪያ ደግሞ እንዲህ ነው። ምግብ ውስጥ ተሕዋስያን ሊጠቀሙበት የሚችሉት ውሃ ከ0 እስከ 1 ይለካል። ንጹህ ውሃ 1 ነው። ቦቱሊነም ለማደግ ቢያንስ 0.94 አካባቢ ይፈልጋል። ሻጋታ ግን በጣም ቆጣቢ ነው፤ 0.8 ላይ፣ አንዳንዱም ከዚያ በታች ያድጋል። በደንብ የደረቀ ቅጠል ከሁለቱም በታች ነው። ስለዚህ ሻጋታ እንዳይወጣ አድርገሽ ካደረቅሽ ቦቱሊነሙን በሰፊ ርቀት አልፈሽዋል። ቤት ውስጥ መለኪያ መሣሪያው የለም፤ ግን ቅጠሉ ራሱ ይናገራል።

ነሐሴ ላይ ደሴ ቅጠል ማድረቅ ግን በጣም ከባድ ነው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል። ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ ይረጥባል። የደረቀ ቅጠልም እንደዚያው ነው፤ ቀን የሰጠውን እርጥበት ማታ ከአየሩ መልሶ ይጠጣል። ላዩን ስትነኪው ደረቅ ነው፤ ግንዱ ውስጥ ግን ውሃ አለ። የጥብስ ቅጠል ደግሞ ይበልጥ ያታልላል። ቅጠሉ እንደ መርፌ ጠንካራ ስለሆነ ገና ርጥብ ሳለም የደረቀ ይመስላል። በሶብላ ተቃራኒው ነው፤ ቅጠሉ ስስ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፤ አበባው ያለበት ራሱ ግን እርጥበት ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ የምመክርሽ ከጥቅምት ጀምሮ እንድትሠሪ ነው። ክረምት ላይ የግድ ከሆነ ኦቨን ተጠቀሚ። በዝቅተኛው ሙቀት፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ፣ በሩን በጣት ያህል ከፍተሽ እንፋሎቱን አስወጪ። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽም ላኪው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል አየሩ ይሞቃል፤ ቅጠሉም ቶሎ ይደርቃል። የትም ብታደርቂው ካጠብሽው በኋላ ውሃውን በጨርቅ አድርቂ፤ በትንንሹ አስረሽ ነፋስ ባለበት ጥላ ስቀዪው። ቀጥታ ፀሐይ መዓዛውን ይወስደዋል።

መድረቁን በሦስት ነገር አረጋግጪ። መጀመሪያ ቅጠሉን በጣትሽ ጨፍልቂው፤ ዱቄት መሆን አለበት እንጂ መታጠፍ የለበትም። ቀጥሎ ግንዱን ስበሪው። «ቀጭ» ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከጎበጠ ወይም ልጡ እንደ ክር ከተንጠለጠለ ገና ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው። ቅጠሉን ከግንዱ ሸምጥጪና ደረቅ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ግማሽ ድረስ ጨምሪ። ከድነሽ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እያናወጥሽ እዪው። ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር የቀዘቀዘው ብርጭቆ ላይ ጭጋግ ካየሽ፣ ወይም ቅጠሎቹ እርስ በርስ ከተያያዙ፣ ውሃ አለ ማለት ነው። አውጥተሽ እንደገና አድርቂው። ሻጋታ ካየሽበት ግን ጣይው። እኔ ብዙ ሰው ይህን ሳምንት ሲዘል አይቻለሁ። አንድ ሳምንት የቆየ ቅጠል ምንም አይጎድልበትም፤ እርጥበቱ ግን በሙሉ እንዲታይ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከግንዱ መሐል ወደ ላይ ይወጣልና።

የነጭ ሽንኩርቱ ነገር ለብቻው ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ ያየ ሽንኩርት ላዩ ቆዳ አበጅቷል እንጂ አልደረቀም። አንዱን ቁራጭ ለሁለት ብታጥፊው መሐሉ እንደ ቆዳ ይለጠጥ ነበር፤ አይደል? የደረቀ ነጭ ሽንኩርት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ሲወቀጥም ዱቄት ይሆናል። እዚህ ደረጃ ካላደረስሽው ዘይት ውስጥ እንዳትጨምሪው። ቀላሉ መንገድ ሽንኩርቱን ከነጭራሹ መተው ነው፤ ዘይቱን በምትበይበት ቀን መጥበሻ ላይ ጨምሪው። ትኩስ ሽንኩርት ያለበት ዘይት ካማረሽ የዕለቱን ያህል ሥሪ። የተረፈውን ወዲያው ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪና ከ4 ቀን በላይ አታቆይው። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀም ጣይው። ሎሚ መጭመቅስ የሚሉኝ አሉ። ሎሚው ከዘይት ጋር አይዋሐድም፤ ሥሩ ይቀመጣል። ሽንኩርቱ ውስጥ እኩል መግባቱን በዓይን ማወቅ ስለማይቻል አትመኚበት።

አሁን አንድ ጠርሙስ አብረን እንሥራ። 30 ግራም የደረቀ የጥብስ ቅጠልና 300 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል። አንድ እጅ ቅጠል ለአሥር እጅ ዘይት ማለት ነው። ከዚህ በላይ አትሥሪ፤ ትንሽ ሠርተሽ ጨርሰሽ ሌላ መሥራት ይሻላል። ዘይቱ ሱፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ኑግ ጣዕሙ ጠንካራ ነው፤ አየርና ብርሃን ሲያገኘውም ሽታና ጣዕሙ ቶሎ ይበላሻል። የወይራ ዘይት ካለሽ የበለጠ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ያው ታውቂዋለሽ።

ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጂ። ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ጦስኝ በሚገባ አድርቄ፣ አጥልዬ፣ ጠርሙስ ሞላሁ። ቅጠል የሚባል አልቀረበትም። ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ብርሃን አንስቼ ሳዘነብለው ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ተንከባለለች። ጥርት ያለች፣ ክብ፣ እንደ ዶቃ። ጠርሙሱን ሳዘነብል አብራ ትንከባለላለች። ውሃ ነበረች። ጠርሙሱን አጥቤ ደፍቼው ነበር፤ ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ አልደረቀም። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ጠብታዋ ሥር ወርዳ ተቀምጣለች፤ ከላይ በዘይት ተከድናለች። ቅጠሉን ያደረቅኩበት ልፋት ሁሉ በዚያች ጠብታ ፈረሰ። ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ካጠብኩ በኋላ 110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 20 ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ኦቨን ከሌለ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ። ክዳኑን ለብቻው አደርቃለሁ፤ በክዳኑ ጥርስ መሐል የሚቀረው ውሃ ብዙ ነው።

ቅጠሉን በሙቀጫ ትንሽ ሰበር ሰበር አድርጊው፤ ዱቄት አይሁን። ዘይቱንና ቅጠሉን ደረቅ፣ ወፍራም ድስት ውስጥ ጨምሪ። ብዙ ሰው በሚፈላ ውሃ ላይ ድስት ደርቦ ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም፤ እንፋሎቱ ጎኑን ይዞ ይወጣና ዘይቱ ውስጥ ይንጠባጠባል። ቀጥታ ምድጃ ላይ፣ እሳቱን እጅግ ዝቅ አድርገሽ ሥሪው። ክዳን አታድርጊበት። ከድስቱም አትራቂ። የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ መሐል ያዢው።

አሁን ጆሮሽንና ዓይንሽን ስጪው። ሙቀቱ 90ዎቹ ውስጥ ሲገባ ከቅጠሎቹ ጫፍ እንደ መርፌ ራስ ያሉ ጥቃቅን አረፋዎች ይወጣሉ። በደንብ የደረቀ ቅጠልም ጥቂት እርጥበት ስላለው ይህ የሚጠበቅ ነው። በደንብ የደረቀ ከሆነ አረፋው ስስ ነው፤ በ10 ወይም 15 ደቂቃ ውስጥ ይቀንስና ይቆማል። እንደ ቅቤው ጸጥ ይላል። አረፋው የሚግተለተል ከሆነ፣ ከተንጫጫ፣ ወይም ሩብ ሰዓት አልፎም ካልቀነሰ ቅጠልሽ ርጥብ ነበር። ያኔ አቁመሽ ያን ዘይት ዛሬውኑ ለወጥ ተጠቀሚበት፤ አታስቀምጪው። ቅጠሉ ቡናማ እየሆነ የማረር ሽታ ካመጣ ደግሞ እሳቱ በዝቷል።

ጸጥ ካለ በኋላ አውርደሽ በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ድስቱን ሸፍኚውና ይብረድ። ክዳን ካደረግሽ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ይመለሳል። ለብ ሲል በተጣጠፈ፣ በደረቀ ሻሽ አጥልይው። ቅጠሉ አንድም አይቅር። ገበያ ላይ ቅርንጫፍ የቆመበት ጠርሙስ ያምራል፤ አውቃለሁ። ግን ከዘይቱ ብቅ የሚለው ጫፍ ሻጋታ ይጋብዛል፤ ቤት ውስጥ ለምትበይው አስፈላጊ አይደለም። የተጠለለውን በብርጭቆ ማሰሮ አሳድሪው። ጠዋት ወደ መስኮት አንሺና ቀስ ብለሽ አዘንብይው። የምትንከባለል ዶቃ ካለች ውሃ ነው። ከሌለ ቀስ ብለሽ ወደ ጠርሙሱ ቅጂ፤ ሥሩ ላይ የቀረውን ዝቃጭ ከነ ጥቂት ዘይቱ ተዪው።

ጠርሙሱ ጨለም ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልሆነ በወረቀት ጠቅልዪው። የሠራሽበትን ቀን ጻፊበት። በዚህ መንገድ የተሠራ ዘይት ከቦቱሊዝም የሚጠበቀው ውሃ ስለሌለው ነው እንጂ ፍሪጅ ስላለ አይደለም። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ አትደንግጪ። ፍሪጁ የሚጠቅመው የዘይቱ ሽታና ጣዕም ቶሎ እንዳይበላሽ ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠሽ በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ወር ጨርሺው። የወይራ ዘይት ፍሪጅ ውስጥ ነጭ ደመና ይሠራል፣ ይረጋል። ሻጋታ መስሎሽ እንዳትጥዪው፤ ውጭ ሲቆይ ይጠራል። ሻጋታ ቢሆን ፀጉር ፀጉር ይላል፤ ሲሞቅም አይጠፋም። በቆይታ ጣዕሙ የተበላሸ ዘይት ደግሞ ሌላ ነው፤ የቆየ ቀለም ወይም ያረጀ ለውዝ ይሸታል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ርጥብ ማንኪያ አታስገቢበት፤ እየቀዳሽ ተጠቀሚ። ጭጋግ፣ ጠብታ ወይም ከሥር የሚነሳ አረፋ ካየሽበት ሳትቀምሺ ጣይው። ዘይቱ የሚታይ ምልክት ላይሰጥ ስለሚችል ግን ዋናው ፍተሻሽ ከመሥራትሽ በፊት ያለው የማሰሮው ሳምንት ነው።

ይህ ሁሉ ለቤትሽ ነው። ለሽያጭ ካሰብሽ የማሰሮውና የጆሮው ፍተሻ አይበቃም፤ ውሃው በላቦራቶሪ ተለክቶ ቁጥሩ በእጅሽ መኖር አለበት።

ጥቅምት ላይ ስትጀምሪ በጥብስ ቅጠሉ ጀምሪ፤ ከበሶብላው ይልቅ ዘይት ውስጥ መዓዛውን በደንብ ይሰጣል። ማሰሮው ላይ በሦስተኛው ቀን ጭጋግ ካየሽ ስንት ቀን፣ የት እንዳደረቅሽው ጻፊልኝ፤ ምን እንደጎደለ አብረን እናየዋለን። አሁን ግን ጎረቤትሽን ጠይቀሽ ከተመለስሽ መልሷን ጻፊልኝ፤ እየጠበቅኩ ነው።